ዮሐንስ አፈወርቅ ያረፈው መስከረም ነው ወይስ ኅዳር 17? የበዓል ቀንና የዕረፍት ቀን ሲለያዩ

ጥያቄ_አለኝ
ስንክሳር የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ዕረፍት የሚያነበው ኅዳር 17 ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጻሕፍት ግን በግዞት እየተወሰደ ሳለ ሴፕቴምበር 14 ቀን 407 እ.ኤ.አ. ኮማና በተባለ ስፍራ እንዳረፈ ይናገራሉ። ይህን ቀን ስልኬ ላይ ባለው የቀን መቀየሪያ ባስገባው መስከረም 3 ቀን 400 ዓ.ም. አለኝ፤ ሌላ መቀየሪያ ደግሞ መስከረም 15 አለ። የትኛውም ከኅዳር 17 ጋር አይገጥምም። በዚያ ላይ ግንቦት 12ም የእሱ በዓል ነው። አንድ ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ ነውና ስሕተቱ የማን ነው? የታሪክ ጸሐፊዎቹ፣ የስንክሳሩ ወይስ የመቀየሪያው?

እንግዳ_77
ቀላል ነው። በድሮው በጁልያን አቆጣጠርና ዛሬ ፈረንጆች በሚጠቀሙበት መካከል የ13 ቀን ልዩነት አለ። መስከረም 3 ላይ 13 ጨምርበት፣ መስከረም 16 ይሆናል። ያረፈው መስከረም 16 ነው። ኅዳር ያለው አንድ ገልባጭ ወሩን ተሳስቶ ይሆናል፤ ብራና ላይ የወር ስም መሳሳት አዲስ ነገር አይደለም።

ድርሳን12
ገልባጭ ተሳሳተ ማለት በጣም ይቀላል። ስንክሳር «በዚህች ቀን አረፈ» ካለ ያረፈው በዚያች ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ለቅዱሳን በዓል የምታደርገው በዕረፍታቸው ቀን ነው፤ ያ ቀን የሰማይ ልደታቸው ነውና። ለፈረንጅ ጸሐፊ ቅድሚያ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሐመረ_ኖኅ
ሁላችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል፤ በቅደም ተከተል እንየው።

መጀመሪያ ምስክሩ። ሴፕቴምበር 14ን የጻፈው ሶቅራጥስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነው (ፈላስፋው አይደለም)። የቁስጥንጥንያ ሰው ነው፤ የኖረውም በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አፈወርቅን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ነው። ዓመቱን የሚነግረን በሮም ቆንስሎች ስም ስለሆነ 407 መሆኑ አያጠራጥርም። ወንድሜ ድርሳን12፣ ይህ ዘመነኛ ሰው በዘመኑ ስለሆነ ነገር የጻፈው ነው። «የፈረንጅ» የሚያሰኘው ነገር የለም፤ በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ አንዲት ነበረች።

ሁለተኛ ቅየራው። ሁለቱም የስልክ መቀየሪያዎች የሚስቱት በተለያየ ምክንያት ነው። መስከረም 3 ያለው የዛሬውን የመስከረምና የሴፕቴምበር ግንኙነት ወስዶ ወደ 407 ገልብጦታል። እንግዳ_77 13 ጨምሮ ትክክለኛ መልስ ያገኘው በዚህ ነው፤ መቀየሪያው ሳይገባው የቀነሰውን 13 መልሶለታል። መስከረም 15 ያለው ደግሞ «ሴፕቴምበር 14»ን የጎርጎርዮስ ቀን አድርጎ ቆጥሮታል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጀመረው በ1582 ነው፤ ወደኋላ ተስቦ ቢቆጠር በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጁልያኑ የሚለየው በ13 ቀን ሳይሆን በ1 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ 13 ብትጨምርበት መስከረም 28 ላይ ትወድቃለህ።

ያለ መቀየሪያ በእጅ መቁጠሩ ይሻላል። በጁልያን አቆጣጠር መስከረም 1 ኦገስት 29 ላይ ይውላል፤ ካለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን ኦገስት 30 ላይ ይውላል። ከ407 ላይ 7 ስንቀንስ 400 ዓ.ም. ነው። 399ን ለአራት ስናካፍል 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ነበረች። ስለዚህ 400 ዓ.ም. የገባው ኦገስት 30 ነው። ከዚያ ሴፕቴምበር 14 ድረስ ቁጠሩ፤ ዐሥራ ስድስተኛው ቀን ላይ ታርፋላችሁ። መስከረም 16 ቀን 400 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ዘመነ ዮሐንስ።

የኅዳሩን ነገር ልመለስበት፤ የገልባጭ ስሕተት ግን አይደለም።

ወለተ_ኪዳን
ይቅርታ፣ ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ለምን ቀኑ ይለዋወጣል ለሚለውም መልሱ ይኸው ጁልያን ነው?

ሐመረ_ኖኅ
አይደለም እኅቴ። ያ በፀሐይና በጨረቃ ቆጠራ የሚወሰን ተንቀሳቃሽ በዓል ነው። እዚህ የምናወራው ቀናቸው ስለማይለዋወጥ በዓላት ነው። ዐቢይ ጾም ግን ወደዚህ ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም፤ ታዪዋለሽ።

እንግዳ_77
ቆይ፣ መስከረም 16 እኮ የደመራ ቀን ነው! በማግስቱ መስቀል። መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው፤ ከመስቀል በዓል ጋር ስለተጋጨ ገፉት።

ሐመረ_ኖኅ
አዎ፣ ቁልፉ እሱ ነው። ግን አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ፤ በዓሉን የሠሩት ሰዎች እንደኛ ጳጉሜን 6 የነበረችበትን ዓመት እያጣሩ አልቆጠሩም። ከአራት ዓመት በሦስቱ ሴፕቴምበር 14 መስከረም 17 ነው፤ በቋሚ ሰንጠረዥም ሁልጊዜ የሚዛመዱት እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሰንጠረዡ ዓይን አፈወርቅ ያረፈው በመስቀል ቀን በራሱ ነው። በግሪኮቹም ዘንድ ሴፕቴምበር 14 የመስቀል በዓል ነው፤ ግጭቱ ለሁለቱም ወገን አንድ ነው።

እሱ ሲያርፍ ግን ግጭት አልነበረም። የሴፕቴምበሩ የመስቀል በዓል መነሻው ኢየሩሳሌም ነው፤ በ335 እ.ኤ.አ. ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ጋር ተያይዞ የተጀመረ ነው። ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቶ ታላቅ በዓል የሆነው በኋላ ነው። ያኔ የአንድ ሊቀ ጳጳስ መታሰቢያ ከመስቀል በዓል ጋር በአንድ ቀን መቆም አልቻለም። በሥርዓቱ ታላቁ በዓል ቦታውን ይይዛል፣ ታናሹ ይነሣል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ግሪኮቹ ያነሡት ወደ ኖቬምበር 13 ነው። ኖቬምበር 13 በእኛ ሰንጠረዥ ኅዳር 17 ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አይዛነፍም። ስለዚህ ኅዳር 17 በእኛ አገር ወይም በግብፅ በተሳሳተ ብዕር የተፈጠረ ሳይሆን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የተስማሙበት ቀን ነው። ገልባጭ ቢሳሳት ኖሮ ቁስጥንጥንያና እስክንድርያ አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሠሩ አይችሉም።

ድርሳን12
እሺ፣ ይህን ልቀበል። ግን ስንክሳሩ «አረፈ» እንጂ «መታሰቢያው ተዛወረ» አይልም።

ሐመረ_ኖኅ
እውነት ነው፣ አይልም። ስንክሳር የዕለት ንባብ ነው፤ ንባቡ በሚነበብበት ቀን «በዚህች ቀን» ይላል። በዓሉ ሲዛወር የሕይወት ታሪኩም ከነመክፈቻ ቃሉ አብሮ ተዛወረ። ስለዚህ «በዚህች ቀን አረፈ» የሚለው መክፈቻ ብቻውን የሞት ቀን ማስረጃ አይሆንም። በገድሉ ወይም በታሪኩ ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር የተያያዘ ቀን ካለ፣ ለምሳሌ የሳምንቱ ዕለት፣ የንጉሡ የነገሠበት ዓመት ወይም ቅርብ የሆነ በዓል፣ የበለጠ የሚታመነው እሱ ነው።

የአቦ_ልጅ
እኛ ጋ ይህ ነገር ግልጽ ብሎ የሚታይበት በዓል እያለ ሩቅ ሄዳችሁ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕረፍት መጋቢት 5 ነው፤ በድምቀት የሚነግሠው ግን ጥቅምት 5 ነው። ምክንያቱ ጾም ነው። እዚህ ላይ ማንም ደብቆ ያዛወረው ነገር የለም፤ ሁለቱም ቀን ይታወቃል።

ሐመረ_ኖኅ
ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ባሕረ ሐሳቡ ራሱ ያስረዳዋልና። ዐቢይ ጾም ቢቀድም የካቲት 1 ይገባል፣ ቢዘገይ መጋቢት 5። ፋሲካ ቢቀድም መጋቢት 26፣ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። በየትኛውም ዓመት ብትቆጥሩት መጋቢት 5 ከጾሙ አያመልጥም፤ ፋሲካ እጅግ በዘገየበት ዓመት እንኳ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ይሆናል። ከጾሙ ፈጽሞ የማያመልጥ ቀን ስለሆነ ነው የበዓሉ ድምቀት ቋሚ ሆኖ ወደ ሌላ ወር የሄደው። አንዳንድ ዓመት ብቻ ከጾም ጋር የሚጋጭ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ እየታየ ሊወሰን ይችል ነበር።

ወለተ_ኪዳን፣ ዐቢይ ጾም ይመጣል ያልኩሽ ለዚህ ነበር።

የአቦ የዕረፍት ቀን በሕዝቡ ዘንድ ከበዓሉ ጋር ጎን ለጎን ሲኖር የአፈወርቅ ግን ጠፍቶ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ቀረ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ_አለኝ
የመስከረሙና የኅዳሩ ነገር ገባኝ። ግን 17 ከ17 ጋር መግጠሙ? ከመስከረም 17 ወደ ኅዳር 17፣ ልክ ሁለት ወር። የአቦም ከ5 ወደ 5 ነው። ቁጥሩን ሆን ብለው የጠበቁት ይመስለኛል።

እንግዳ_77
ግልጽ ነው እኮ። ቀኑ ወርኃዊ መታሰቢያ አለው፤ ቁጥሩን ጠብቀህ ወሩን ብቻ ትቀይራለህ። አለቀ።

ሐመረ_ኖኅ
ለአቦ ይሠራል፤ ወር በገባ በ5 መታሰቢያቸው ስላለ ጥቅምት 5 በተፈጥሮው ዝግጁ ነበር። ለአፈወርቅ ግን አላለቀም። የእኛና የግብፅ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 60 ቀን ስትገፋ ቁጥሩ ሳይለወጥ ይመጣል። በግሪኮቹ አቆጣጠር ግን ሴፕቴምበር 14 ላይ 60 ቀን ስትጨምር ኖቬምበር 13 ይሆናል፤ ቁጥሩ አልተጠበቀም። ስለዚህ «ቁጥሩን ጠብቀው ነው» ካልን ቀኑ መጀመሪያ የተመረጠው ግብፅ ውስጥ ነው፣ ቁስጥንጥንያም ከዚያ ወሰደችው ማለታችን ነው። የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ ለአፈወርቅ መጋዝ ግንባር ቀደም እንደነበር ስታስቡ የአፈወርቅን በዓል ቁስጥንጥንያ ከእስክንድርያ ተቀበለች ማለት ቢያንስ ማስረጃ ይፈልጋል። በአጋጣሚም 60 ቀን ሊሆን ይችላል። እኔ ወደ አጋጣሚው አደላለሁ፤ በዚህ ግን አልምልም።

ሰንጠረዥ_ሠሪ
ቁጥርን ስለመጠበቅ ካነሣችሁ ከአፈወርቅ የተሻለ ማሳያ አለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ሚያዝያ 23ን በጁልያን ብትቆጥሩት ኤፕሪል 18 ነው። ግሪኮችና ላቲኖች የሚያከብሩት ግን ኤፕሪል 23 ነው፤ ይህም ለእኛ ሚያዝያ 28 ይሆን ነበር። አምስት ቀን ይዛነፋል፣ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ሲወስድ ወሩን «ኤፕሪል ማለት ሚያዝያ ነው» ብሎ ተርጉሞ ቁጥሩን እንዳለ የተወው ይመስላል።

ሰንጠረዡ ራሱ የተዛባ እንዳይመስላችሁ እዚያው ወር ውስጥ ማርቆስን ተመልከቱ። ሚያዝያ 30 ልክ ኤፕሪል 25 ነው፣ ግሪኮቹም ላቲኖቹም የሚያከብሩት በዚያው ቀን ነው። የጊዮርጊስም ቅዳሴ ቤት ኅዳር 7 ልክ ኖቬምበር 3 ነው፤ እነሱም የልዳን ቤተ ክርስቲያን የሚያስቡት ያን ቀን ነው። በትክክል የተቀየሩ ጎረቤቶች እያሉ አንዱ ብቻ ሲዛነፍ ያን ጊዜ የቁጥር መገልበጥን መጠርጠር ይቻላል።

ድርሳን12
ታዲያ ጊዮርጊስ በሰማዕትነት ያረፈው በየትኛው ነው? 23 ወይስ 28?

ሰንጠረዥ_ሠሪ
ለአፈወርቅ እንደ ሶቅራጥስ ያለ ዘመነኛ ምስክር አለ። ለጊዮርጊስ ከራሱ ዘመን የተጻፈ እንዲህ ያለ ምስክር ስለሌለ ከሁለቱ አንዱን የምናጸድቅበት መመዘኛ የለንም። ሰንጠረዡ ሁለቱ ቀኖች አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል፤ የትኛው ይቀድማል የሚለውን አይፈታም።

ጥያቄ_አለኝ
ግንቦት 12 ቀረን። ፍልሰተ አጽም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ፍልሰቱስ በዚያ ቀን ነው የሆነው?

ሐመረ_ኖኅ
የዕረፍትን ጥያቄ ስንመልስ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ፍልሰትም እንደ ዕረፍት የራሱ የሆነ የተፈጸመበት ቀን አለውና።

አፈወርቅን መጀመሪያ የወሰዱት ኩኩሶስ ወደተባለች የአርመንያ ከተማ ነበር። በኋላ በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዳለችው ፒቲዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ፤ እዚያ ሳይደርስ ኮማና ላይ አረፈ፣ በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ መቃብር ቤትም ተቀበረ። ሠላሳ ዓመት አልፎት ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ፣ ፓትርያርኩም ፕሮክሎስ ሳሉ አጽሙ ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። ሶቅራጥስ ይህንንም ቀን ይሰጠናል፤ ጃንዋሪ 27 ቀን 438። በእኛ ሲቆጠር የካቲት 2 ቀን 430 ዓ.ም. ነው። ግሪኮቹ ፍልሰቱን እስከ ዛሬ በጃንዋሪ 27 ያከብራሉ።

እኛና ግብፆች ግን ግንቦት 12 ነው የምናከብረው፤ በጁልያን ሜይ 7። መካከሉ 100 ቀን ነው። በመቀየር የሚመጣ ልዩነት ይህን ያህል አይሆንም፤ የቅየራ ስሕተት 1፣ 5 ወይም 13 ቀን ነው የሚያመጣው። የወር ስም ተርጉሞ ቁጥር በመጠበቅም አይመጣም፤ 27 እና 12 አይገናኙም። ስለዚህ ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው። ጾሙን መሸሽ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ግን የካቲት 2 ጾም ውስጥ የሚወድቀው ፋሲካ እጅግ በቀደመባቸው ዓመታት ብቻ ስለሆነ ያ ምክንያት ደካማ ነው።

የአቦ_ልጅ
የአጽም ጉዞ እኮ መነሻም መድረሻም አለው። አንዱ የተነሣበትን፣ ሌላው የገባበትን ይዞ ቢሆንስ?

ሐመረ_ኖኅ
በሌሎች ቅዱሳን ላይ ይህ የሚያጋጥም ነው። እዚህ ግን ጃንዋሪ 27 የገባበት ቀን ከሆነ ግንቦት ከእሱ በኋላ ነው፤ መነሻ ሊሆን የሚችለው ከመግባቱ በፊት ያለው ዓመት ግንቦት ቢሆን ነው፣ ከኮማና ቁስጥንጥንያ ለመድረስ ደግሞ ያን ያህል ወር አይፈጅም። አልቀበለውም፣ አልጥለውምም።

ግንቦት 12 ላይ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትም ፍልሰተ አጽም አለ፤ ዕረፍታቸው ነሐሴ 24 ነው። ሁለት ፍልሰት በአንድ ቀን ስለዋለ በስብከትም በጽሑፍም ይደባለቃል፤ አንዱን ስትጠቅሱ የሌላውን ታሪክ እንዳትሰጡት።

ወለተ_ኪዳን
ካቶሊኮቹ ጋስ አፈወርቅ መቼ ነው? አንድ ካላንደር ላይ ሴፕቴምበር 13 አየሁ፤ በአንድ ቀን ተሳስተው ነው?

ሰንጠረዥ_ሠሪ
አልተሳሳቱም። ለረጅም ዘመን በጃንዋሪ 27፣ ማለትም በፍልሰቱ ቀን ነበር የሚያከብሩት። በ1969 እ.ኤ.አ. ካላንደራቸውን ሲያሻሽሉ ወደ ዕረፍቱ ሊያቀርቡት ፈለጉ፤ ሴፕቴምበር 14 በመስቀል በዓል ስለተያዘ አንድ ቀን ቀድመው 13 ላይ አደረጉት። በዚያው ማሻሻያ ታላቁ ጎርጎርዮስ በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ ያረፈው ማርች 12 ቀን 604 ነው፣ ያ ግን ጾማቸው ውስጥ ስለሚወድቅ ጵጵስና ወደተሾመበት ወደ ሴፕቴምበር 3 አዛወሩት። የጾሙ ምክንያት ከአቦው ጋር አንድ ነው፤ መድረሻው ግን የሹመት ቀን ሆነ።

ዲያቆን_ዘባሕር_ማዶ
እኔ የምሠራው ውጭ አገር ላለ ደብር የግድግዳ ካላንደር ነው። ኅዳር 17ን ኖቬምበር 26 ላይ አስገብቼ «የዮሐንስ አፈወርቅ ዕረፍት» ብዬ ጽፌአለሁ። በዚህ ውይይት ላይ ስመሠረት ጽሑፉን መቀየር አለብኝ?

ሐመረ_ኖኅ
«ዕረፍት» የሚለውን አትንካው፤ ስንክሳሩ በዚያ ቀን የሚያነበው እሱን ነው፣ ካላንደሩም የሥርዓት ካላንደር ነው። ማስታወሻ የምትጽፍበት ቦታ ካለህ «ያረፈው መስከረም 16 ቀን 400 ዓ.ም.» ብለህ በትንሹ ከሥር ጨምር። በዓሉን ወደ መስከረም ለመመለስ ግን እንዳትሞክር፤ መስቀል ከነደመራው እዚያው አለ።

ማስተካከል ያለብህ ኖቬምበር 26ን ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ኅዳር 17 የሚውለው ኖቬምበር 27 ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ በ2016ም። በስልክ ወይም በኮምፒውተር «በየዓመቱ ይደገም» ብለህ ኖቬምበር 26ን ከሞላህ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ በዋዜማው ታስታውሳለህ። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉትን በዓላት ሁሉ እንዲሁ ፈትሽ፤ ግንቦት 12ን ግን ተወው፣ ፌብሩዋሪ 29 ስላለፈ ሁልጊዜ ሜይ 20 ነው።

ዲያቆን_ዘባሕር_ማዶ
የጊዮርጊስስ ሚያዝያ 23?

ሰንጠረዥ_ሠሪ
እሱም ሁልጊዜ ሜይ 1 ነው። ጎረቤት ያለው የግሪክ ደብር የድሮውን አቆጣጠር የሚከተል ከሆነ ጊዮርጊስን ሜይ 6 ሲያከብር ታያለህ፤ ከላይ ያልኳት አምስት ቀን ናት።